ከ43 ስም ወደ አንድ፦ በሶው ማን ይባል?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ አዳማ ላይ በሶ እያዘጋጀን በግማሽ ኪሎ አሽገን ልንሸጥ ነው። እህታችን ሜሪላንድ ስላለች እዚያ ላሉ የሐበሻ ሱቆችም እናስገባለን ብለናል። የቸገረን ስሙ ነው። 43 ስም ሰብስበን በቤተሰቡ ዋትሳፕ ድምፅ አሰጠን፤ ትርፉ ጭቅጭቅ ሆነ። እኔ ‹ስንቅ› ይሁን እላለሁ፤ ወንድሜ ‹በርታ› ይላል፤ እህቴ ደግሞ በሶን ገልብጣ ‹ሶባ› የሚል ስም ፈጥራለች። እኔ የምፈልገው sink.com ተይዟል። ማሸጊያው የሚታተምበት ጊዜ ደርሷል። ዝርዝሩን አያይዤልዎታለሁ። ምን ይሻላል?
ግራ የገባት፣ ከአዳማ»

እህቴ፣ መጀመሪያ ድምፅ ማሰጠቱን ተዪው። ሰው የራሱን ስም ነው የሚመርጠው። ነጥብ እየሰጡ መደመርም ቢሆን ያው ነው። ለትርጉሙ ዘጠኝ፣ ለውበቱ ዘጠኝ ያገኘ ስም፣ ማንም በትክክል ሊጽፈው ባይችልም በድምር አንደኛ ይወጣል። አንዳንድ ጉድለት ግን በሌላ ነገር አይካካስም፤ ስሙን ጨርሶ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው የቱ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። የትኛው ይውደቅ በሉ። ገንዘብ በማይጠይቀው ፈተና ጀምሩ፣ የሚያስከፍለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ዝርዝርሽን አይቼዋለሁ። ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑት ገና ሳይፈተኑ ይወድቃሉ። «ምርጥ በሶ»፣ «ንጹህ በሶ»፣ «የአርሲ በሶ»፣ «ጭብጦ» እና የመሳሰሉት ማለቴ ነው። ቆንጆ አይደሉም ማለቴ አይደለም። የእናንተ ብቻ ሊሆኑ አይችሉም። የንግድ ምልክት አዋጁ፣ ቁጥር 501/1998፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ስም አይመዘግብም። ነገ ጎረቤታችሁ «ንጹህ በሶ» ብሎ ቢያሽግ መከልከያ የላችሁም። «ጭብጦ»ም ያው ነው፤ በሶ ሲለወስ የሚሆነው ጭብጦ ነው፣ ለሁሉም በሶ ሻጭ የተተወ ቃል ነው።

የቦታ ስም ምን ያህል እንደሚያደክም በቡናችን አይተናል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞን እና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ ሊያስመዘግብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ሐረርንና ሲዳሞን ተቃወመ። ክርክሩ እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ ምልክት አይደሉም የሚል ነበር። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አገር እንዲህ ከለፋች፣ አንቺና ወንድምሽ «በቆጂ» የሚለውን ይዛችሁ ባትጀምሩ ይሻላል። ሯጮቹን እንደሚያስታውስ ይገባኛል፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ እና ጥሩነሽ የወጡበት አገር ነው። ግን ገብሱ ከዚያ ካልመጣ ገዢውን ማሳሳት ይሆናል፤ ከዚያ ከመጣም ሌላው የበቆጂ ነጋዴ በስሙ የመጠቀም መብት አለው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሱቅ ሂጂ። ቀልዴን አይደለም። አንድ ልጅ ተልኮ በሱቁ መስኮት አንገቱን አስግጎ «___ አለ?» ሲል ስሙ መሰማት አለበት። መንገዱ ላይ ባጃጅ እየጮኸ፣ ባለሱቁ ስልክ እያወራ። ባለሱቁ «ምን አልክ?» ካለ ስሙ ችግር አለበት። ቀጥሎ ስሙን በአረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢው፤ «___ን አምጣ»፣ «የ___ ዋጋ ጨመረ»፣ «ሁለት ___ ስጠኝ»። ከፊቱም ከኋላውም ቅጥያ ሲጨመርበት የሚንኮታኮት ስም አለ።

የወንድምሽ «በርታ» መንገዳገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። ለወንድ ልጅ የሚባል ትእዛዝ ነው። ለሴት በርቺ ነው፣ ለትልቅ ሰው በርቱ። በሶውን አልሚ ነው ብላ የምትገዛው እናት ግን «በርታ» እየተባለች ነው። ይኼ ብቻውን ባይጥለውም የሚቀጥለው ይጥለዋል፦ በርታ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚኖር ሕዝብ ስም ነው። የሕዝብን ስም በበሶ ከረጢት ላይ ማተም የማይፈለግ ጣጣ ውስጥ ይከታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሰው Berta የሚለውን ሲያይ የሴት ስም ነው የሚመስለው።

በነገራችን ላይ «በራ» የሚለውን ማን እንደጻፈው ባላውቅም ጎበዝ ሰው ነው፤ ኃይል ሲሰጥ፣ ብርሃን ሲሆን ታይቶት ነው። ነገር ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ራ»ን አጥብቆ ያነበበው መብራት ይታየዋል፣ አላልቶ ያነበበው ግን ራሰ በራ ነው የሚታየው። ከረጢቱ ላይ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው አይኖርም። በመጥበቅና መላላት ትርጉማቸው የሚለወጥ ስሞችን በሙሉ አውጡ። ይህን ለማወቅ ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ምንም ሳትይ ለሰው ስጪና ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጊ። አንቺ ካነበብሽለት ፈተናው ተበላሸ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለእኛ ስም ትልቁ ወንፊት ይኼ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚረሳው ይኼን ነው፦ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስንት ዓይነት ይሆናል? ዶሜን ከመፈለግሽ በፊት ይኼን መመለስ አለብሽ። ምክንያቱም የምትገዥው ዶሜን አንድ ነው፤ ሰው ግን የሚጽፈው በራሱ መንገድ ነው።

«ስንቅ»ን እንውሰድ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በትርጉም ከዝርዝሩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ ማስረዳት አያስፈልገውም። ግን ስሙን በስልክ ድምፅ ለአሥር ሰው ላኪና «ይኼን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉልኝ» በይ። በጽሑፍ እንዳትልኪ፤ በድምፅ ብቻ። Sinq የሚል ይመጣል፣ Sink የሚል ይመጣል፣ Senk፣ Sinik፣ Sinqe። «ቅ» ለአንዱ q ነው፣ ለሌላው k ነው። «ስ» እና «ን» ደግሞ ሳድስ ስለሆኑ አንዱ i ያስገባል፣ አንዱ e፣ አንዱ ምንም። በዛ ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው Sink ለእንግሊዝኛ አንባቢ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ወይም መስጠም ነው። በውኃ የሚበጠበጥ ምግብ ላይ «መስጠም» መጻፍ... ይቅር። sink.com መያዙ ለአንቺ ዕድል ነው ብለሽ ቁጠሪው፤ ነፃ ቢሆን ኖሮ ትገዢው ነበር።

እኔ የምይዘው መለኪያ ቀላል ነው። ከአሥሩ ሰባቱ ተመሳሳይ ከጻፉ ስሙ ያልፋል። አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ ይወድቃል። ስድስት ከሆነ ሌላ አሥር ሰው ጨምሪ። የምትጠይቂያቸው ሰዎች የተለያዩ ይሁኑ፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እህትሽ ባለችበት። አሜሪካ የተወለዱ ልጆችንም አትርሺ። አማርኛ የሚሰሙ ግን ፊደል የማይቆጥሩ ልጆች ነገ ራሳቸው ገዢ ናቸው።

ከዚህ ፈተና በፊትም ብዙ መጣል ይቻላል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ያለበትን ስም በጥርጣሬ እዪው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለእነዚህ ድምፆች ፊደል የለውም፤ ባዕድ አፍም አይወጣቸውም። «ኃይል» የሚለው ደግሞ በራሳችን ፊደል እንኳ ኃይል፣ ሃይል፣ ሀይል፣ ኀይል ይሆናል። ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንዱን የፈለገ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። በላቲን Hail ሲባል ደግሞ እንግሊዝኛ አንባቢ በረዶ ነው የሚያነበው። «ዳገት» ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዳገት የሚያስወጣ በሶ ማለት ነው መሰለኝ። Daget ተብሎ ሲጻፍ ግን ከe በፊት ያለችውን g አሜሪካዊው «ጀ» ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ «ዳጄት»።

በእነዚህ ፈተናዎች ዝርዝሩ አሥር አካባቢ ይቀራል። ቀጥሎ በሌላ ቋንቋ ምን እንደሆነ ማጣራት ነው። አዳማ ተቀምጠሽ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። የእህትሽን «ሶባ» ለአንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤት ንገሪው፣ ከዚያ ፊቱን እዪ። በኦሮምኛ ሶባ ውሸት ነው። «ውሸት በሶ» ብለሽ አዳማ ገበያ ልትወጪ ነበር። አሜሪካም አያዋጣም፤ soba የጃፓን ኑድል ስም ነው፣ በዚያው በምግብ መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። ለእህትሽ በደንብ አስረጂያት፤ የፈጠራ ስም መፈለጓ በራሱ ትክክል ነው። የፈጠራ ስም ለምዝገባ ከሁሉም የሚቀለው ነው። ይኼኛው ብቻ ነው ያልሆነው።

በዚሁ ላይ ራሱ «በሶ»ም ጉዳይ አለው። Beso በስፓኒሽ መሳም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪ ብዙ ነው። ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ፈገግ ያሰኛል። ግን በኢንተርኔት beso ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣልሽ የከንፈር ሥዕል ነው። በእኛ አነጋገር «ሶ» ስለሚጠብቅ Besso ብላችሁ በሁለት s ብትጽፉት ከዚህ ትለያላችሁ፤ ለንባቡም የቀረበ ነው። አንዱን ምረጡና ከረጢቱ ላይም፣ ዶሜኑ ላይም፣ ቴሌግራሙ ላይም ያንኑ ብቻ ተጠቀሙ።

ከሁሉም ያለፈው «ጋራ» ነው። ይህን ዓምድ ከማውጣቴ በፊት በግል ጽፌልሽ ነበርና ዶሜኑን ይዘሻል ብዬ ነው በአደባባይ የማወራው። ያልተያዘ ስም ለሕዝብ አይወራም፤ ማንም ሰው በአሥራ ምናምን ዶላር ቀድሞ ይገዛዋል።

ለምን «ጋራ» አለፈ? በላቲን ብዙው ሰው Gara ብሎ ነው የሚጽፈው። ጠንካራ ድምፅ የለውም። በአማርኛ ተራራ ነው፣ ወይም «አብሮ» ነው፤ ሁለቱም ንባብ አይጎዳም። በኦሮምኛም ጋራ ተራራ ነው፤ እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ በየቀኑ አይገኝም። ስለ በሶው በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለዚህ ለምዝገባ አያስቸግርም። በሱቅ መስኮትም ሞክሪው፦ «አንድ ጋራ በሶ ስጠኝ»። ይሄዳል። «ሜዳ» ደግሞ በድምፁ እኩል ነበር፣ በላቲንም ቀላል ነው። ግን አማርኛችን «ሜዳ ላይ ጣለኝ»፣ «ሜዳ ላይ ቀረሁ» ይላል። አንድ ቀን ከረጢቱ ተቀዶ ቢገኝ ደንበኛው ቀልዱን ራሱ ይጨርሰዋል።

ዶሜን ላይ እንግዲህ። gara.com ነፃ ይሆናል ብለሽ አታስቢ። አራት ፊደል ያላቸው የ.com ስሞች ድሮ ነው ተይዘው ያለቁት። ስሙን ቀድሞ የያዘ ሻጭ ብዙ ሺህ ዶላር ቢጠይቅሽ አትደራደሪ፣ ያ ገንዘብ የገብስ መግዣ ነው። ስሙ ላይ ዕቃውን ጨምሪ፦ garabesso.com። እንዲያውም ይሻላል፤ ሰው ስሙንም ዕቃውንም አንድ ላይ ያስታውሳል። ቴሌግራምም ከአምስት ፊደል በታች የሆነ መጠሪያ እንደ ልብ አይሰጥም፤ ስለዚህ እዚያም @garabesso ትላላችሁ። ዶሜኑ መያዙን ለማየት lookup.icann.org ላይ ግቢ። ከተያዘ ማን ጋ እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያበቃ ይነግርሻል። በአንድ s የተጻፈውንም garabeso.com ግዢውና ወደ ዋናው እንዲያሻግር አድርጊ። ለእነዚህ ሁለቱ በዓመት የምትከፍሉት ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ አትዪ፤ የማደሻውን እዪ። በአንድ ዶላር ሸጦ በሁለተኛው ዓመት ሃያ የሚል አለ። የአገር ውስጡን .com.et ከፈለጋችሁ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው።

እህትሽ በካርዷ ትክፈል፣ ጥሩ ነው። የተመዝጋቢው ስም ግን ድርጅታችሁ ይሁን፤ ኢሜይሉም ሦስታችሁም የምታገኙት ይሁን። ዌብሳይቱን የሚሠራላችሁ ልጅ በራሱ ስም እንዳይመዘግበው። ከእሱ ጋር የተጣላችሁ ቀን ስማችሁም አብሮ ይሄዳል። ይኼን ስንት ሰው ነው የጻፈልኝ!

ንግድ ፈቃድ ስታወጪ የምታስመዘግቢው የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም። ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታል። ምልክቱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አዕምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ከገንዘቡ በፊት ፍተሻ አስደርጊ፤ ተመሳሳይ ወይም የሚያሳስት ምልክት በምግብ ክፍል ውስጥ አለ ወይ ብለሽ። ዕቃዎችና አገልግሎቶች በ45 ክፍል ይመደባሉ፤ ዱቄትና የእህል ውጤት 30ኛው ውስጥ ነው። ሌላ ሰው «ጋራ» በሚል ጎማ ቢሸጥ ብዙ አያስጨንቅም፤ «ጋራ» የሚል ብስኩት ካለ ግን ስሙን ተዪው። «ጋራ» ብቻ ሳይሆን «ጋራ»ን የሚመስሉትንም ይዩልሽ፤ «ጋሪ»፣ «ገራ»። ምዝገባው ካመለከትሽበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። አሜሪካም tmsearch.uspto.gov ላይ በነፃ መፈለግ ትችላለች እህትሽ። እዚያ ስታመለክቱ የውጭ ቋንቋ ቃል ካለ ትርጉሙን ጻፉ ይሏችኋል። ስለዚህ አማርኛ አይገባቸውም ብሎ «ምርጥ በሶ»ን ማሳለፍ አይቻልም።

አንድ ፈተና ይቀራል፣ የማስታወስ ነው። «ጋራ»ን ብቻ ያዢ አልልሽም፤ ፍተሻው ሊጥለው ይችላልና ሁለት ተጠባባቂ ያዢ። ሦስቱን ስሞች ከሌሎች አምስት ስሞች ጋር ቀላቅለሽ ቡና ላይ ለተቀመጡ ሰዎች አንድ ጊዜ አንብቢ። የትኛውን ወደዳችሁ ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ለሚወደው ምክንያት ይፈጥራል። ሌላ ወሬ አምጪ። ከሁለት ቀን በኋላ ደውለሽ «ያን ዕለት ያነበብኩትን አስታውሱ» በያቸው፣ ፍንጭ ሳትሰጪ። በአእምሯቸው የቀረው ስም ሥራውን ሠርቷል። እንዴት እንደጠሩትም ስሚ፤ አዛብተው ካስታወሱት ባለሱቁም እንዲሁ ያዛባዋል። ሃይላንድ የሚለውን አስቢ፤ የአንድ ድርጅት ውኃ ስም ነበር፣ አሁን ግን ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። የሰው አፍ ሲይዝ እንዲህ ነው። ያን ያህል መያዝ ለባለቤቱ ራስ ምታት ቢሆንም የእናንተ ጭንቀት ገና እሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ይወስን። በሶውን የሚያመርተው፣ ብድሩን የፈረመው ሰው። ዋትሳፑ ላይ ውሳኔው ብቻ ይነገር።

ማተሚያ ቤቱን ግን አቁሚው። የላስቲክ ከረጢት ላይ በቀለም ሲታተም ለየቀለሙ የሚቀረጽ ሲሊንደር አለ፤ ስም ሲቀየር እሱ ሁሉ እንደገና ይቀረጻል፣ ዝቅተኛው የማተሚያ መጠንም ብዙ ነው። ፍተሻው እስኪወጣ ያልታተመበት ከረጢት ግዙና ስሙን በስቲከር ለጥፉ። ሁለት መቶ ስቲከር ይበቃችኋል። አንዷን ከረጢት አሁኑኑ ለባለሱቁ ወስደሽ መደርደሪያው ላይ ከሩቅ እዪያት፤ «ጋራ» ትልቅ ሆኖ ይነበብ፣ «በሶ» ከሥሩ።